ከቆሼ ወዴት? ለጡረታ ዘመን ከተማ ሲመረጥ

በኮልፌ ቀራኒዮ ቆሼና ዙሪያው ያሉ ሰፈሮች ጡረታ የወጡ ሰዎች የሚበዙባቸው ናቸው። በፋብሪካ፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ሠርተው ያረጁ አባቶችና እናቶች ደሞዝ ሲቆም አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ እዚሁ እንቅር ወይስ ጸጥ ወዳለ ከተማ እንሂድ? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ስፍራ ጭስና ሽታ የብዙ ቤቶችን በርና መስኮት ዘግቶ ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ከሞቱ ወዲህ ደግሞ «ልጆቻችን ከደረሱ እኛ ለምን እንቆያለን?» የሚለው ሐሳብ በየቤቱ ሥር ሰድዷል።

ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳ ከተሞች አራት ናቸው፤ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ደብረ ብርሃንና ቡታጅራ። ብዙ ጊዜ ንጽጽሩ በቤት ኪራይ ይጀምርና እዚያው ያበቃል። በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች ግን ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ይታያል፤ የሚመልሳቸውም ኪራይ ሳይሆን ሕመም ነው። ስለዚህ ሚዛኑ መጀመር ያለበት ከራስ የሕክምና ካርድ ነው።

የሁለት ጎረቤታሞችን ሁኔታ እንውሰድ። አንደኛው በወጣትነታቸው በሥጋ ደዌ ታመው ከበሽታው የዳኑ አዛውንት ናቸው። ባክቴሪያው ቢጠፋም የነርቭ ጉዳቱ አይመለስም። እግራቸው ስለማይሰማቸው ጠጠር ቢወጋቸው፣ ጫማ ቢፍቃቸው አያውቁትም፤ ቁስሉ ሥር ሰድዶ አጥንት ላይ ሲደርስ ነው የሚታየው። የሚያስፈልጋቸው በልካቸው የተሠራ ለስላሳ ጫማ፣ በየጊዜው የእግር ምርመራና ቁስል ማከም የለመደ እጅ ነው። የአለርት ሆስፒታል ይህን ሁሉ ይዞ ዘነበወርቅ ላይ፣ ከቤታቸው በቅርብ ርቀት ይገኛል። በአገሪቱ ለሥጋ ደዌ የታወቁ እንደ ሐረር አቅራቢያው ቢሲዲሞና እንደ ደሴው ቦሩ ሜዳ ያሉ ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ፤ ከላይ በጠቀስናቸው አራት ከተሞች ግን የአለርትን ያህል አገልግሎት አይገኝም። እኚህ አዛውንት የሐዋሳን ነፋሻ አየር ፍለጋ ቢሄዱ እግራቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ለእሳቸው ምርጡ የጡረታ ከተማ፣ ጭሱ እንዳለ ሆኖ፣ ያሉበት ሰፈር ነው።

ሁለተኛው ጎረቤት በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው እንበል። ደም ግፊትና ኢንሱሊን የሚወሰድበት ስኳር አለባቸው። ባለቤታቸው በአንጻራዊነት ጤነኛ ናቸው፤ ሁለት ልጆቻቸው አዲስ አበባ ይሠራሉ። ለእኚህ ሰው ከተማ መቀየር የሚቻል ነገር ስለሆነ ሒሳቡን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ገቢው ይታወቅ። በጡረታ ሕጉ መሠረት ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ ይከፈላል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እኚህ ሰው 32 ዓመት ካገለገሉ 30 በመቶው ላይ 27.5 ተደምሮ 57.5 በመቶ ይደርሳል። አማካይ ደሞዛቸው 9,000 ብር ከነበረ የወር አበላቸው 5,175 ብር ይሆናል። ብዙ ቤተሰብ ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆማል። ሆኖም ባል ቀድመው ቢሞቱ ለሚስት የሚተላለፈው የአበሉ ግማሽ፣ ማለትም 2,587 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። የሚመረጠው ከተማ ባልና ሚስት በ5,175 ብር የሚኖሩበት ብቻ ሳይሆን ሚስት ብቻቸውን በግማሹ ሊኖሩበት የሚችሉት መሆን አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ስለናረ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ከፍታና አየር ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማና ሐዋሳ በ1,700 ሜትር አካባቢ ናቸው። ደጋው ላደከመው ሰው ሙቀቱ ለመገጣጠሚያ ይስማማል፤ ልብና ሳንባም ዝቅ ባለ ቦታ ይቀላቸዋል። ነገር ግን በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ መሬት በአብዛኛው የወባ ክልል ነው። ዕድሜውን በአዲስ አበባ የኖረ ሰው የወባ መከላከያ አቅም ስለማይኖረው፣ በተለይ በእርጅናና በስኳር ላይ ሲደረብበት፣ በፍጥነት ሊጠናበት ይችላል። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። አሁን ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ በከተማ የውኃ ጋንና በርሜል የምትራባ ትንኝ ገብታለች፤ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ የተነሳው በእርሷ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዝቅ ባለ ከተማ ላይ ቤት የሚከራይ ሰው አጎበርና የመስኮት ወንፊት ብቻ ሳይሆን የጓሮው ታንከር ክዳን መኖሩንም ማየት አለበት።

ለኢንሱሊን ተጠቃሚ ሙቀቱ ሌላ ጣጣ አለው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ይኖርበታል፤ የተከፈተው በመጠነኛ የክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ቆሼ ላይ መብራት ቢጠፋ የአዲስ አበባ ብርድ ራሱ ያግዛል። አዳማ ላይ በሚያዝያ ወር መብራት ሲጠፋ ግን መድኃኒቱ ያለ ምልክት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ሰውየው መርፌውን በሰዓቱ እየወሰዱ ስኳራቸው ከወትሮው እየጨመረ ከሄደ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አመጋገባቸው ሳይሆን የመድኃኒቱ አቀማመጥ ነው። ማቀዝቀዣ ከሌለ በውኃ በራሰ አሸዋ መሐል የሚቀመጥ የሸክላ ዕቃ ሙቀቱን በደንብ ይቀንሳል።

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚታይ ሌላ ነገር የውኃው ፍሎራይድ ነው። ከሐዋሳ እስከ ወንጂ ባለው አካባቢ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ከፈቀደው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል፤ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንት ያደነድናል፣ ወገብ ያስራል። የአዳማ ከተማ የቧንቧ ውኃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ ስለሚመጣ ከጉድጓዱ ይሻላል። ቤት ሲከራዩ «ውኃ አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የቧንቧ ነው የጉድጓድ የሚለው መለየት አለበት።

ደብረ ብርሃን ከወባም ከፍሎራይድም ሐሳብ ያሳርፋል። ግን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ያህል ስለሆነ ሳንባው ለቆሼ ጭስ ሲጋለጥ የኖረ ሰው ወደዚያ ወጥቶ አየር ሊያጥረው ይችላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የሌሊት ውርጭ ደግሞ አስምን ያባብሳል፤ ቤት ለማሞቅ የሚነደው ከሰልም እንዲሁ።

በሆስፒታል በኩል አዳማ፣ ሐዋሳና ደብረ ብርሃን ትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አሏቸው። ደም ግፊት ያለበት ሰው የሚፈራው ግን ስትሮክ ነው። ስትሮክ ሲመታ ሐኪሙ የደም መፍሰስ ይሁን የደም መርጋት ለመለየት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጭንቅላት ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከመዛወር በፊት ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ ማሽኑ መኖሩን ሳይሆን ባለፈው ወር መሥራቱን፣ በሌሊትም የሚያነሣ ባለሙያ መኖሩን መጠየቅ ተገቢ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያለውም ሰው ደብተሩ ከተመዘገበበት ወረዳና ከሪፈር ሰንሰለቱ ጋር የታሰረ መሆኑን አይርሳ፤ አዲሱ ከተማ ላይ እንደ አዲስ እስኪመዘገብ ድረስ ወጪውን ከኪሱ ሊችል ይገባል።

ከዘመድ መራቅም በሒሳብ ይገለጻል። ሰውየው አዲሱ ከተማ ላይ ሐኪም እስኪያገኙ በየወሩ ወደ አዲስ አበባ ለክትትል ቢመላለሱ፣ ያለ አስታማሚም መንገድ ስለማይወጡ፣ ደርሶ መልሱ በዓመት 48 ወንበር ይሆናል። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በየጊዜው ማደሪያ ይጨመርበታል። ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ጠዋት መጥተው ማታ ይገባሉ፤ ታመሙ ቢባልም ልጅ ከሥራ ወጥቶ በዚያው ምሽት ይደርሳል።

ለቆሼ ሰው ቡታጅራ የተለየ ቦታ አላት። ከአየር ጤና በዓለም ገና በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከፍታዋ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሙቀቱ መካከለኛ ነው፤ ብዙ የኮልፌ ቤተሰብም ዘሩ ከዚያ ነው። አጠቃላይ ሆስፒታል አላት፤ ለሞራ ግርዶሽና ለትራኮማ ደግሞ የግራርቤት የዓይን ሆስፒታል አለ። ድክመቷ ከባድ ሕመም ሲመጣ ወደ ወራቤ ወይም ወደ አዲስ አበባ መላኩ ነው። ከከተማዋ ዝቅ ወዳሉት ቀበሌዎች ሲወረድም ወባው አለ።

በገንዘብ የማይገለጸው ዕድር ነው። 30 ዓመት የተከፈለበት ዕድር ከሰውየው ጋር አይዛወርም፤ አዲሱ ዕድርም ዕድሜው ለገፋ ሰው ከፍ ያለ መግቢያ ሊጠይቅ ይችላል። አስታማሚ፣ ጠያቂና ቀባሪ የሚገኘው ከዚያ ስለሆነ ከመሄድ በፊት የድሮው ዕድር በሌለሁበት መዋጮ ብልክ ይቀበላል ወይ ብሎ ዳኛውን ማነጋገር ይበጃል። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ቤቱን አስረክቦ ከሄደ በኋላ ልመለስ ቢል ዋስትና የለውም።

እንግዲህ ለሁለተኛው ጎረቤት ፍርዱ ይህ ነው፦ ኢንሱሊን የሚወስድና ስትሮክ የሚያሰጋው ሰው ልጆቹ አዲስ አበባ እስካሉ ድረስ ከሐዋሳ ይልቅ አዳማ ይሻለዋል፤ ስኳር የሌለበት፣ ግፊቱ በክኒን የተያዘለትና ቡታጅራ ላይ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ቡታጅራን ቢመርጥ አይሳሳትም። የትኛውንም ቢመርጡ ግን የአዲስ አበባውን ቤትና ዕድር ሳይለቁ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን የወባ ወቅት ጨምሮ፣ አንድ ሙሉ ዓመት ተከራይተው ይሞክሩት። ዓመቱ ሲሞላ የስኳር መለኪያውን ውጤት፣ የሐኪም ቤት ደረሰኙንና ልጆች ስንት ጊዜ እንደመጡ አስቀምጠው ይወስኑ።