የጥልቅ ባሕር ማዕድንና የሰው ልጆች የጋራ ቅርስ

በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ከሃዋይ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ስፍራ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ ድንች የሚያካክሉ ጥቋቁር ድንጋዮች በባሕሩ ወለል ላይ ተበትነው ይገኛሉ። ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት ይዘዋል። ስፍራው ከአገሮች ሁሉ ወሰን ውጭ ነው፤ ታዲያ ባለቤቱ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት፣ የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ቅርስ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ማንም መንግሥት የግሉ ሊያደርገው አይችልም፤ ጥቅሙም የባሕር በር ለሌላቸው አገሮች ጭምር ነው።

አፈጻጸሙን በአንድ አሠራር እንመልከት። ፈቃድ ጠያቂው በግምት እኩል ዋጋ ያላቸውን ሁለት ስፍራዎች አጥንቶ፣ ጽሕፈት ቤቱ በጃማይካ ለሚገኘው የዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ያቀርባል። ባለሥልጣኑም አንዱን መርጦ ለታዳጊ አገሮች ያቆያል። ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ አንዱ ከፍሎ ሌላው እንደሚመርጠው ማለት ነው፤ ከፋዩ የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ለማዳላት አይመቸውም።

ሆኖም አሠራሩ ክፍተት አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በናኡሩ መንግሥት ድጋፍ አንድ ኩባንያ ከእነዚህ ከተቆዩት ስፍራዎች የፍለጋ ውል አገኘ፤ በኋላ ግን ኩባንያው በካናዳ ባለሀብቶች ድርጅት ሥር ገባ። ለድሃ አገር የተቆየው ድርሻ በእርግጥ ለማን እንደሚደርስ የሚያከራክረውም ይህ ነው።