3/4 ወይስ 2/3?

«ከ3/4 እና ከ2/3 የትኛው ይበልጣል?» የሚለውን ጥያቄ በአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አብዛኞቹ ተማሪዎች 3/4 ብለው መለሱ፤ እኔም ክፍልፋይን ማወዳደር ገብቷቸዋል ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ወረቀቱን ስመልስ አንዱን ልጅ እንዴት እንዳወቀ ጠየቅሁት። «4 ከ3 ይበልጣል፣ 3ም ከ2 ይበልጣል፤ ስለዚህ ይኼኛው ይበልጣል» አለኝ። ወዲያው 3/5ን እና 4/7ን ሰሌዳው ላይ ጽፌ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቅሁት። ሳያመነታ 4/7 አለ። ሁለቱን ወደ 35 ታህት ብናመጣቸው 21/35 እና 20/35 ይሆናሉ፤ የሚበልጠው 3/5 ነው። ልጁ ማወዳደር አይችልም ነበር፤ የእኔ ጥያቄ ግን ይችላል ብሎ መሰከረለት።

ከዚያ በኋላ የፈተና ጥያቄዎቼን ሁሉ መርሃ ትምህርቱ ከሚያስቀምጣቸው የመማር ብቃቶች ጎን እያስቀመጥኩ ማየት ጀመርኩ። ብቃት ሲባል የርዕስ ስም ማለት አይደለም። «ክፍልፋይ» ርዕስ ነው፤ «ታህታቸው የተለያዩ ክፍልፋዮችን ያወዳድራሉ» ግን ብቃት ነው። ልዩነቱ ያለው በግሡ ላይና ከግሡ ፊት በተቀመጠው ሁኔታ ላይ ነው። ያኔ ካወጣኋቸው የመደመርና የመቀነስ ጥያቄዎች መካከል አብዛኞቹ ታህታቸው አንድ ነበር፤ 2/7 እና 3/7 ደምሩ እንደሚለው ዓይነት። ርዕሱ ትክክል ነው። ብቃቱ ግን «ታህታቸው የተለያዩ» ስለሚል፣ እነዚያ ጥያቄዎች ልጆቹ ቀድሞ የተማሩትን ነበር የሚለኩት። ከዕለት ኑሮ የተወሰደ የቃላት ጥያቄ ደግሞ አንድም አልነበረም።

ያን ምዕራፍ እንደገና ሳቅድ ከመጨረሻው ጀመርኩ። መጀመሪያ አራቱን ብቃቶች በየረድፉ ጻፍኩ፦ ማወዳደር፣ መደመርና መቀነስ፣ ወደ አስርዮሽ መለወጥ፣ የቃላት ጥያቄ መፍታት። ለምዕራፉ የነበሩኝ 20 ክፍለ ጊዜዎች ናቸው። ሁለቱን ለፈተናና ለእርማት ካስቀረሁ በኋላ 18ቱን 4፣ 6፣ 3 እና 5 አድርጌ አከፋፈልኳቸው። የፈተናው 20 ነጥብም በዚሁ መጠን 4፣ 7፣ 3 እና 6 ሆነ። መምህራን የፈተና ቢጋር የምንለው ሠንጠረዥ ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሞላው ፈተናው ከተዘጋጀ በኋላ ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለሱፐርቫይዘሩ ለማሳየት ነው፤ ያኔ ግን ምንም አይሠራም፣ ምክንያቱም ሠንጠረዡ ጥያቄውን መምራት ሲገባው ጥያቄው ሠንጠረዡን ይመራዋል።

ክፍለ ጊዜ ማከፋፈል ቀላል ይመስላል፤ ፈተናው ያለው የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መስቀል አለ፣ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፤ በመሃል ስብሰባ ይጠራል። 20 የነበረው ወደ 16 ይወርዳል። ዕቅዱ እንደ መጽሐፉ ቅደም ተከተል የተሠራ ከሆነ፣ የሚጎድለው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። በየዓመቱ ሳይማሩት የሚያልፉት የቃላት ጥያቄን ነው ማለት ነው። ስለዚህ አምስቱን ክፍለ ጊዜዎች መጨረሻ ላይ ማከማቸቱን ትቼ በተንኳቸው፤ ማወዳደር ካለቀ በኋላ አንድ፣ በመደመርና በመቀነሱ መካከል ሁለት፣ የቀሩት ሁለቱ መጨረሻ ላይ። ሁለት ቀን ቢጠፋብኝ እንኳ ከአራቱ ብቃቶች አንዱ ጨርሶ አይጠፋም።

ከዚያ ጥያቄዎቹን ማውጣት መጣ፤ ትምህርቱ ገና ሳይጀመር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ብቃቱ የሌለው ልጅ ይህን በሌላ መንገድ ሊመልሰው ይችላል? ለማወዳደር 5/8 ከ3/4፣ እና 3/5 ከ4/7 መረጥኩ። በሁለቱም የሚያንሰው ክፍልፋይ ትልልቅ ቁጥሮች የያዘው ነው፤ ቁጥሮቹን ብቻ እያየ የሚመልስ ልጅ ሁለቱንም ይስታል። ለመደመርና ለመቀነስ ሦስት ጥያቄ አወጣሁ። በ1/4 + 1/2 እና በ5/6 − 1/3 አንዱ ታህት የሌላው ብዜት ነው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ነጥብ ይይዛሉ። በ2/3 + 1/4 ግን ከሁለቱም ውጭ የሆነ አዲስ ታህት መፈለግ ግድ ይላል፤ ለእሱ ሦስት ነጥብ ሰጠሁ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት የሚደምር ልጅ እዚህ 3/7 ይጽፋል። 3/7 ደግሞ መነሻው ከነበረው ከ2/3 ያነሰ ነው፤ ስናርም ልጁ ስህተቱን በራሱ ዓይን ያየዋል።

ለቃላት ጥያቄ እንዲህ የሚል ጻፍኩ፦ «አንዲት ነጋዴ ከአንድ ኪሎ ቡና 1/4ኛውን ጠዋት፣ 1/3ኛውን ከሰዓት ሸጠች። የቀራት ከኪሎው ስንት እጅ ነው?» መልሱ 5/12 ነው። እዚህ አንድ ችግር አለ። ይህን ያልመለሰ ልጅ ታሪኩ አልገባው ይሆናል፤ ወይም ገብቶት መደመር አቅቶት ይሆናል። አንድ ጥያቄ ሁለት ብቃት ሲነካ ነጥቡን መክፈል ያስፈልጋል። ሦስት ነጥብ ሰጠሁት፦ አንዱ ትክክለኛውን ስሌት ለመረጠ፣ አንዱ የጋራ ታህት ላገኘ፣ አንዱ ለመጨረሻው መልስ። ሌላኛው የቃላት ጥያቄ ታህቶቹ 2 እና 4 ነበሩ፤ ነጥቡም በዚሁ መንገድ ተከፈለ። ዐረፍተ ነገሮቹ አጭር የሆኑት ሆን ብዬ ነው፤ ታሪኩ ከረዘመ የምለካው ሒሳብ መሆኑ ይቀርና አማርኛ ማንበብ ይሆናል።

እርማቱ ላይ ድምሩን ብቻ አልመዘገብኩም። በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ ከስሞቹ ጎን አራት ዓምድ አሰመርኩ። ከሃምሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ሥራ ይጨምራል፤ እኔን አንድ ምሽት ወስዶብኛል። ሁለት ልጆች እኩል 13 ከ20 አመጡ። የአንደኛዋ ዓምዶች 4፣ 6፣ 3፣ 0 ይላሉ። ስሌት የምትችል ልጅ ናት፤ ሁለቱን የቃላት ጥያቄዎች ግን ባዶ ትታቸዋለች። የሁለተኛው 2፣ 4፣ 3፣ 4 ነው። ነጥቡ በሦስት ዓምድ ላይ ስለተበተነ መጀመሪያ በሁሉም ደከም ያለ መሰለኝ። ወረቀቱን መልሼ ሳየው ግን የሳታቸው 3/5 ከ4/7፣ 2/3 + 1/4 እና የቡናው ጥያቄ ናቸው። በሦስቱም አንዱ ታህት የሌላው ብዜት አይደለም። የቡናውን ስሌት በትክክል መርጧል፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የጋራ ታህት ማግኘት።

ይህ ወረቀት ሁሉን ይናገራል ማለቴ አይደለም። ለአንድ ብቃት ሁለት ጥያቄ ቀጭን ማስረጃ ነው፤ በተለይ እውነት ወይም ሐሰት በሚል ጥያቄ ምንም የማያውቅ ልጅ በግምት ብቻ ግማሹን ሊያገኝ ይችላል። መርሃ ትምህርቱ ውስጥ «ይገነዘባሉ» የሚል ብቃት ሲገጥመኝም፣ ተማሪው ምን ሲያደርግ ባይ ተገነዘበ እንደምል ካልጻፍኩ ጥያቄ ላወጣለት አልችልም። ምክንያትን በቃል ማስረዳት ደግሞ በጽሑፍ ፈተና ስለማይያዝ፣ በክፍል ሥራ ጊዜ በየወንበሩ እየዞርኩ ነው የምሰማው።

በሚቀጥለው ሰኞ ልጅቷን ከመሰሎቿ ጋር አስቀምጬ ምንም ስሌት ሳይሠሩ የቡናውን ታሪክ በሥዕል እንዲያሳዩኝ አደረግሁ። ልጁና ሌሎች ጥቂት ተማሪዎች በሌላው ጥግ የ3 እና የ4ን ብዜቶች በሁለት መስመር ጽፈው፣ ሁለቱም መስመር ላይ የሚገኘውን የመጀመሪያውን ቁጥር ያከብቡ ነበር።