ዝም ያለው ሰብዉፈር

የሙሉ ሳውንድባር ስብስብ ካርቶን ሲከፈት ሦስት ዓይነት ዕቃ ይወጣል፦ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው ረጅሙ ባር፣ ቤዙን የሚያወጣው ሰብዉፈር፣ እንዲሁም ከተመልካቹ ጀርባ የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች። ዕቃው «ገመድ አልባ» ተብሎ ስለሚሸጥ ገዢው ገመድ የሌለበት ሳሎን ይጠብቃል። ገመድ የማያስፈልገው ግን ድምፁ ብቻ ነው። ሰብዉፈሩ የራሱን ሶኬት ይፈልጋል፤ የኋላዎቹም ስፒከሮች እንዲሁ። ሰብዉፈሬ አልሠራም ብሎ የሚደውል ሰው ከሁሉ በፊት ማየት ያለበት ከሶፋው ጀርባ ያለው መሰኪያ በቦታው መኖሩን ነው።

በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ማወቅ ብዙ ድካም ያስቀራል። ባሩ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ በኬብል ይቀበልና ይከፋፍለዋል፤ ወፍራሙን ክፍል ለሰብዉፈሩ፣ የኋላውን ደግሞ ለኋላ ስፒከሮች በራሱ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። በሳምሰንግ ስብስቦች ይህ ሞገድ በ5.8 ጊጋሄርዝ አካባቢ ነው። በቤቱ ዋይፋይም፣ በስልኩ ብሉቱዝም በኩል አያልፍም። ስለዚህ በስልክ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ሰብዉፈሩን መፈለግ ከንቱ ነው፤ እዚያ የሚታየው ባሩ ብቻ ነው። የዋይፋይ የይለፍ ቃል መቀየርም ሰብዉፈሩን አያስኮርፈውም።

ባሩና ሰብዉፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ተጣምረው ይመጣሉ። ሁለቱንም ሶኬት ላይ ሰክቶ ባሩን መክፈት በቂ ነው፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይገናኛሉ። ይህ ሳይሆን ሲቀር የሰብዉፈሩን ጀርባ መመልከት ነው። እዚያ ያለችው ትንሽ መብራት ችግሩ የኤሌክትሪክ፣ የግንኙነት ወይስ የድምፅ ማስተካከያ መሆኑን ትለያለች። ብዙ ሰው ይህችን መብራት ሳያይ ቁልፍ መጫን ስለሚጀምር የማያስፈልግ ጥምረት ሲያፈርስና ሲሠራ ይውላል።

መብራቷ ጨርሶ ካልበራች ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። ሌላ ዕቃ እዚያው ሶኬት ላይ ሰክቶ መሞከር፣ ከዚያም የሰብዉፈሩን ገመድ በራሱ ወገብ ላይ ጠበቅ አድርጎ መልሶ መሰካት ይበቃል። ለኢትዮጵያ ቤቶች ግን እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ፤ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ስብስብ። የአሜሪካ ቤቶች ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። ባሩ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተለየ አዳፕተር ስለሆነ ሁለቱንም ሊቀበል ይችላል፤ ሰብዉፈሩ ግን የኃይል ክፍሉ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ለ120 ብቻ ተሠርቶ ሊሆንም ይችላል። ከመሰካት በፊት በጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። «100-240V» የሚል ከሆነ ችግር የለም። «120V» ብቻ ካለ ያለ ቮልቴጅ መቀነሻ ትራንስፎርመር መሰካት የለበትም። ባሩ ደህና ሆኖ ሰብዉፈሩ ብቻ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የመሰኪያውን እግር ብቻ የሚቀይረው ትንሽ አዳፕተር ቮልቱን አይቀንስም።

መብራቷ በርታ ግን ግንኙነት ከሌለ ጉዳዩ የጥምረት ነው። በሳምሰንግ ሰብዉፈሮች ቋሚ ሰማያዊ መብራት «ተገናኝቻለሁ» ማለት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ሰማያዊ ግንኙነቱን መልሶ እየፈለገ መሆኑን ያሳያል፤ አምስት ደቂቃ ያህል መታገስ ነው። ቀይ ሲሆን ወይ ባሩ ጠፍቷል፣ ወይ ግንኙነቱ አልተሳካም። ባሩ በርቶ ድምፅ እያወጣ ሰብዉፈሩ ቀይ ከሆነ በእጅ ማጣመር ያስፈልጋል።

አንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን እንውሰድ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ባሩ እንደ ወትሮው ይናገራል፤ ሰብዉፈሩ ግን ቀይ እንዳበራ ቀርቷል። የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ሁለቱንም ከሶኬት ይነቅላቸዋል፤ በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ ምክንያቱም በሪሞት የጠፋ ዕቃ በውስጡ ነቅቶ ነው የሚቆየው። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መልሶ ይሰካቸዋል። ከመብራት መቆራረጥ በኋላ የሚመጣ ኩርፊያ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይፈታል። በዚህ ቤት ግን አልተፈታም። ስለዚህ ባሩን በሪሞት ያጠፋዋል፤ ሰብዉፈሩ እንደተሰካ ይቆያል። ከሰብዉፈሩ ጀርባ «ID SET» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ትንሽ ቀዳዳ መሰል ቁልፍ በእስክሪብቶ ጫፍ ከአምስት ሰከንድ በላይ ይጫናል። ቀዩ ይጠፋና ሰማያዊው ቶሎ ቶሎ ብልጭ ማለት ይጀምራል። አሁን የባሩን ሪሞት ይዞ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቁልፍ እንዲሁ ከአምስት ሰከንድ በላይ ይጫናል። በባሩ ስክሪን ላይ «ID SET» የሚል ጽሑፍ ለአፍታ ታይቶ ይጠፋል፤ ባሩም ራሱ ይበራል። የሰብዉፈሩ መብራት ቋሚ ሰማያዊ ሲሆን ጥምረቱ አልቋል።

ይህ የማይሳካው በአብዛኛው ባሩ ሳይጠፋ ስለሚጀመር ወይም ጣት ቶሎ ስለሚነሳ ነው። አምስት ሰከንድ በሐሳብ ሲቆጠር ሁልጊዜ ያጥራል።

ሌሎች አምራቾች ቅደም ተከተሉን ይለውጡታል። በበርካታ የኤልጂ ስብስቦች ከሰብዉፈሩ ጀርባ «PAIRING» የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲጫን ቀይና አረንጓዴ መብራት ይፈራረቃሉ። ከዚያ የባሩም የሰብዉፈሩም ገመድ ይነቀላል፤ መብራቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ተጠብቆ መልሶ ይሰካል። ቋሚ አረንጓዴ ከታየ ተገናኝቷል። የመብራቱ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የአንዱን ትርጉም ለሌላው ማዋል ያሳስታል።

ጥምረቱ ተሳክቶ ድምፁ እየተቆራረጠ ከመጣ ቦታውን መፈተሽ ነው። አስር ሜትር ለእነዚህ ሞገዶች ከፍተኛው ርቀት ነው፤ ያውም መካከሉ ባዶ ሲሆን። የኮንክሪት ግድግዳ፣ የብረት ቁምሳጥን፣ ከባሩ አጠገብ የተቀመጠ የዋይፋይ ራውተር ያሳጥሩታል። ሰብዉፈሩን ለሙከራ ከባሩ አንድ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ አምጥቶ ማየት ይቻላል፤ እዚያ ደህና ሠርቶ ወደ ጥግ ሲመለስ ከተቆራረጠ ዕቃው ጤነኛ ነው።

የኋላ ስፒከሮች በሁለት መልክ ይመጣሉ። በአንዳንዶቹ እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ሶኬትና የራሱ መቀበያ አለው። በሌሎቹ፣ በተለይ ለብቻ ተገዝተው በሚጨመሩት፣ አንድ ትንሽ መቀበያ ሣጥን ትኖራለች፤ ሁለቱም ስፒከሮች ከእሷ ጋር በገመድ ይያያዛሉ። የጥምረቱ ቁልፍም ያለው ሣጥኗ ላይ ነው፤ አሠራሩ ከሰብዉፈሩ ጋር ይመሳሰላል። ይህ ልዩነት ብልሽት ሲፈለግ ይጠቅማል። ሣጥን ባለው ስብስብ ሁለቱም ስፒከሮች አብረው ዝም ካሉ ጥፋቱ የሣጥኗ ወይም የግንኙነቱ ነው፤ አንዱ ብቻ ዝም ካለ ግን ጥምረትን ትቶ ከሣጥኗ ወደ እሱ የሚሄደውን ገመድ ማየት ነው።

መብራታቸው ተገናኝተናል እያለ ከኋላ ምንም ካልተሰማ ደግሞ ምናልባት የተላከላቸው ድምፅ የለም። ብዙ የቴሌቪዥን ስርጭት የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው። ባሩ «Standard» በሚለው የድምፅ ሁነታ ላይ ከሆነ የመጣለትን እንዳለ ያጫውታል፤ ለኋላ የሚሆን ስላልመጣለት አይልክም። ሁነታውን ወደ «Surround» መቀየር ሁለቱን ድምፅ ወደ ኋላም እንዲያዳርስ ያደርገዋል። ፊልሙ ራሱ የኋላ ድምፅ ኖሮት ካልተሰማ ግን የቴሌቪዥኑን የዲጂታል ድምፅ ማስተካከያ መክፈት ያስፈልጋል። እዚያ «PCM» ከተመረጠ ቴሌቪዥኑ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ወደ ግራና ቀኝ ጨምቆ ነው ለባሩ የሚሰጠው፤ «Auto» ወይም «Pass Through» የሚለው ይሻላል።

የሰብዉፈሩም ሦስተኛ ችግር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፦ መብራቱ ቋሚ ሰማያዊ ነው፣ ድምፅ ግን የለም። በሳምሰንግ ሪሞት ላይ «WOOFER» የሚል ቁልፍ አለ፤ ከፍታው ወደ ላይ እስከ +6 ይወጣል፣ ወደ ታች ደግሞ እስከ -6 ወርዶ ከዚያ ወደ -12 ይዘላል። ልጆች በሪሞት ሲጫወቱ -12 ላይ ከተውት ሰብዉፈሩ እንደሞተ ይቆጠራል። ወደ 0 መመለስ ነው። የሌሊት ሁነታ በርቶ ከሆነም ጎረቤት እንዳይረበሽ ሆን ብሎ ቤዙን ያፍናል።

አንዳንዴም የሚጎድል ነገር የለም። ሰብዉፈር የሚያወጣው ከመቶ ሄርዝ አካባቢ በታች ያለውን ድምፅ ነው፤ ዜና አንባቢ ሲናገር የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዜና መፈተን ፍርዱን ያዛባል። ዩቲዩብ ላይ የ50 ሄርዝ የሙከራ ድምፅ ፈልጎ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ከፍቶ፣ እጅን በሰብዉፈሩ የአየር ቀዳዳ ላይ ማድረግ ይሻላል። አየሩ እጅን ከነካ ሰብዉፈሩ እየሠራ ነው።

አየሩ እየነካ ሶፋው ላይ ቤዝ ካልተሰማ ደግሞ ምክንያቱ ክፍሉ ነው። ቤዝ ረጅም ሞገድ ነው፤ የ43 ሄርዝ ድምፅ ስምንት ሜትር ያህል ይረዝማል። አራት ሜትር በሚረዝም ሳሎን ውስጥ ይህ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ መሃሉ ላይ ራሱን ያጠፋል፣ በሁለቱ ጫፎች ግን ይጎላል። ሶፋው ልክ መሃል ላይ ከሆነ ተቀማጩ ቤዙን ያጣል፤ በሩ አጠገብ የቆመው ሰው ግን በደንብ ይሰማዋል። ሶፋውን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ መግፋት ወይም ሰብዉፈሩን ወደ ሌላ ግድግዳ ማዛወር አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይቀድማል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ቀይና ሰማያዊ መብራት አብረው ብልጭ የሚሉ ከሆነ በሳምሰንግ ቋንቋ ብልሽት ነው፤ ጥምረት አይፈውሰውም። ቤት ውስጥ መክፈትም አይገባም፤ በኃይል ክፍሉ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ገበያ ወጥቶ ያገለገለ ሰብዉፈር ብቻውን መግዛትም ብዙ ጊዜ ገንዘብ መጣል ነው፤ አምራቹ አንድ ቢሆንም የሞዴሉ ዘር ካልገጠመ ከባሩ ጋር አይጣመርም። ወደ ጠጋኝ የሚሄድ ሰው ደግሞ ባሩን ከነሪሞቱ ይዞ ይሂድ። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ሰብዉፈር የኬብል መግቢያ ስለሌለው ያለ ባሩ አንድ ድምፅ እንኳ ማውጣት አይችልም፤ ጠጋኙም የጠገነውን የሚፈትንበት ሌላ መንገድ የለውም።