በቀን ስንት ዳቦ?

ዳቦ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ሒሳቡን የሚጀምረው ከማሽን ዋጋ ነው። ኦቨኑ ስንት ነው? የሊጥ ማቡኪያውስ? ከዚያ ቤት ይፈልጋል፣ ኪራይ ይደራደራል። ከሁሉም በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ኪራዩ፣ ደሞዙና ዱቄቱ ተከፍሎ፣ ትርፍም ኪሳራም ሳይኖር ወሩን ለመዝጋት በቀን ስንት ዳቦ መሸጥ አለበት? የሒሳብ ባለሙያዎች ብሬክ ኢቭን የሚሉት ይህንን ቁጥር ነው። ለማግኘት ማባዛትና ማካፈል ይበቃል። ችግር የሚፈጠረው ወደ ሒሳቡ በሚገቡት ቁጥሮች ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 100 ግራም ዳቦ ብቻ የሚጋግር አንድ ትንሽ ዳቦ ቤት እናስብ። የምንጠቀምባቸው ዋጋዎች ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ሰፈር ዋጋ ይተካቸው።

መጀመሪያ ወጪዎቹን ለሁለት እንከፍላለን። መለያው ቀላል ነው፤ ነገ አንድም ዳቦ ባንጋግር ይህን ገንዘብ እንከፍለዋለን? እንከፍለዋለን ከሆነ ወጪው ቋሚ ነው፤ አንከፍለውም ከሆነ ተለዋዋጭ ነው። ኪራይ 25,000 ብር፣ የጋጋሪው፣ የረዳቱና የሻጯ የወር ደሞዝ 24,000፣ ለጥበቃ፣ ለውሃ፣ ለስልክና ለፈቃድ 6,000 እንበል። ሁለት ወጪዎች ግን ሁልጊዜ ይረሳሉ። አንደኛው የማሽኑ እርጅና ነው። በ450,000 ብር የተገዛ ኦቨንና ማቡኪያ አምስት ዓመት ቢያገለግል በየወሩ 7,500 ብር ከራሱ ላይ ይበላል። ሌላው የባለቤቱ የራሱ ደሞዝ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ዳቦ ቤቱን የሚከፍት ሰው ተቀጥሮ ቢሠራ የሚያገኘውን፣ 12,500 ብር እንበል፣ እንደ ወጪ ካልያዘው ድካሙን በነፃ እየሸጠ ነው። ድምሩ በወር 75,000 ብር ይሆናል። ጋጋሪው በወር ሳይሆን ባቦካው ኩንታል ልክ የሚከፈለው ከሆነ ግን ክፍያው ከዚህ ወጥቶ ወደ ተለዋዋጩ ወጪ ይሄዳል።

ተለዋዋጩን ለማወቅ ከአንድ ኩንታል ዱቄት ስንት ዳቦ እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። 100 ኪሎ ዱቄት 60 ሊትር ያህል ውሃ ሲጨመርበት ወደ 160 ኪሎ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ሲጋገር ውሃው ስለሚተን፣ 100 ግራም የሚመዝን ዳቦ ለማግኘት ወደ 115 ግራም ሊጥ መቁረጥ ያሻል። በወረቀት ላይ 1,390 ዳቦ ይወጣል። ማቡኪያው ላይ የሚቀረው፣ የሚያርረውና ሳያብጥ የሚበላሸው ሲቀነስ ለሽያጭ የሚቀርበውን 1,300 ብንለው ይሻላል። ለኩንታሉ ዱቄት 8,450 ብር፣ ለእርሾ፣ ለጨውና ለዘይት 780፣ ለመጋገሪያ ኤሌክትሪክ 520 ብር ብናወጣ ድምሩ 9,750 ብር ነው። ለ1,300 ስናካፍለው አንዱ ዳቦ 7 ብር ከ50 ይፈጃል።

ዳቦው በ10 ብር ቢሸጥ ከእያንዳንዱ የሚተርፈው 2 ብር ከ50 ነው። 75,000ን ለዚህ ስናካፍል 30,000 ዳቦ በወር፣ ማለትም 1,000 ዳቦ በቀን ይመጣል። ከአንድ ኩንታል በታች ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደስ ብሎት ወረቀቱን ያጥፋል፤ እዚህ ማቆም ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሒሳብ የተጋገረው ሁሉ በ10 ብር፣ በመስኮት፣ በዚያው ቀን ያልቃል ብሎ ያምናል።

በእውነቱ ሲታይ የዳቦው ገሚስ የሚሄደው ወደ ሰፈር ሱቆች ነው። ባለሱቁ በነፃ አይሸጥም፤ በ9 ብር ተረክቦ በ10 ብር ይሸጣል። ስለዚህ አማካይ ዋጋችን 9 ብር ከ50 ነው። በዚህ ላይ ያደረ ዳቦ አለ። ከመቶ አምስቱ ሳይሸጥ ቢቀር ከአንድ የተጋገረ ዳቦ በአማካይ የምናገኘው ገንዘብ ወደ 9 ብር ከ2 ሳንቲም ይወርዳል። ወጪው ግን ያው 7 ብር ከ50 ነው፤ ያደረው ዳቦም ዱቄት በልቷል። የሚተርፈው 1 ብር ከ52 ሳንቲም ገደማ ብቻ ይሆናል። አሁን በቀን መጋገር ያለበት 1,000 ሳይሆን ወደ 1,640 ዳቦ ነው። አንድ ኩንታል አይበቃም፤ አንድ ጋጋሪና አንድ ረዳትም ላይበቁ ይችላሉ። ሦስተኛ ሰው ከተቀጠረ ደግሞ ቋሚው ወጪ ራሱ ከፍ ይልና ቁጥሩ እንደገና ይሸሻል።

የዳቦ ንግድ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ከአንዱ ዳቦ የሚተርፈው ሳንቲም ስለሆነ ትንሽ ለውጥ ትልቅ ይሆናል። ወደ መጀመሪያው ቀላል ሒሳብ ተመልሰን ዱቄት በመቶ አሥር ቢጨምር ብለን እንመልከት። የአንዱ ዳቦ ወጪ በ65 ሳንቲም ያድጋል፤ ተራፊው ከ2 ብር ከ50 ወደ 1 ብር ከ85 ይወርዳል። 1,000 የነበረው የቀን ቁጥር ወደ 1,350 ይወጣል። ዱቄት በመቶ አሥር ጨመረ፣ የሚፈለገው ሽያጭ በመቶ ሠላሳ አምስት። አንዳንድ ዳቦ ቤት በዚህ ጊዜ ግራሙን ይቀንሳል። ዳቦ በየቀኑ የሚገዛ ቤተሰብ ግን ይህን በእጁ ይለየዋል፤ ሚዛን አያስፈልገውም።

ታዲያ ያ ሰፈር 1,640 ዳቦ ይገዛል? ይህን በግምት መመለስ አይቻልም። ዳቦ የሚሸጠው በአብዛኛው ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ሰው ከሥራ ሲመለስ ነው። በአቅራቢያ ካለው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት በእነዚያ ሰዓቶች ቆሞ የሚገባውን ሰው መቁጠር፣ አንዱ ስንት ዳቦ ይዞ እንደሚወጣ ማየት ይበጃል። ይህን በሥራ ቀንም በእሑድም ማድረግ ነው። ባለሱቆቹንም «በቀን ስንት ትሸጣላችሁ? ስንትስ ያድርባችኋል?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የሸገር ዳቦ መሸጫ በአካባቢው ካለ ሰልፉን አይቶ ከገበያው መቀነስ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ የልጆች ምሳ ዕቃ ዳቦ ይቀራል። መብራት የሚጠፋባቸው ቀኖችም አሉ፤ ሊጥ ተቦክቶ መብራት ከጠፋ የሚቀረው ሽያጩ ብቻ አይደለም፣ ሊጡም ይበላሻል። ስለዚህ ወሩን በ30 ሳይሆን በ27 ቀን ማካፈል የሚሻልበት ሰፈር ብዙ ነው።

ቆጠራው ከሚፈለገው ቁጥር በጥቂቱ ከጎደለ፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኪራይ ማስቀነስ ነው። በእኛ ሒሳብ 5,000 ብር ኪራይ ማስቀነስ የቀኑን ቁጥር በ110 ዳቦ ገደማ ያወርደዋል። ያደረውን ዳቦ ከመቶ አምስት ወደ ሁለት ማውረድ ግን በ260 ገደማ ያወርደዋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ በየማታው የተረፈውን በደብተር ጽፎ የነገውን ሊጥ በዚያ ልክ በማቡካት ነው። በእኔ አስተያየት ከአከራይ ጋር ከመከራከር ደብተሩ ይቀድማል።

ቆጠራው በብዙ ከጎደለ ግን ደብተርም አያድነውም። የተቆጠረው 1,100 ሆኖ የሚፈለገው 1,640 ከሆነ ያ ሰፈር ለሌላ ዳቦ ቤት አልደረሰም፤ የኪራይ ውል አይፈረም፣ ለማሽንም ቀብድ አይከፈል።