ትርፉን ትቶ ሽያጩን መቁጠር

ስሙኝማ! ግብር ሰብሳቢው የአንድ ትንሽ ሱቅ ትርፍ ስንት እንደሆነ በምን ያውቃል? የስኳሩ መግዣ፣ የቤት ኪራዩ፣ የመብራቱ፣ የተሸካሚው፣ ሁሉም ደረሰኝ ሊኖረው ይገባል። ባለሱቁ ግን ደብተር አይዝ፣ ሒሳብ ሠራተኛ አይቀጥር። ኬንያ ለዚህ ያበጀችው መላ አስገረመኝ፦ ትርፉን ተዉትና ሽያጩን ብቻ ቁጠሩ! በግ ገዢ ሚዛን ሲያጣ ላቱን ጨብጦ ክብደቱን ይገምት የለ? እንደዚያው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን እስከ 25 ሚሊዮን ሽልንግ የሆነ ነጋዴ ከወር ሽያጩ 3 በመቶውን ያሰላል፤ እስከ ቀጣዩ ወር 20ኛ ቀን ይከፍላል። በቃ! ወጪ አይቀነስም፣ ክርክርም የለም። እኛ ተርን ኦቨር ታክስ እንለው ከነበረው ጋር በስም ቢመሳሰልም፣ ይሄኛው የገቢ ግብርን የሚተካ ስለሆነ ይበልጥ የሚቀርበው ለቁርጥ ግብር ነው። መጠኑ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ወደ 1 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በሐምሌ 2023 ወደ 3 ተመለሰ።

ሦስት በመቶ ኢምንት ይመስላል አይደል? እኔም የገባኝ በሁለት ሱቆች ሳሰላው ነው።

ሁለቱም በወር 200,000 ሽልንግ ይሸጣሉ እንበል። ሁለቱም 6,000 ይከፍላሉ። የመጀመሪያው ዱቄትና ስኳር ቸርቻሪ ነው፤ ከመቶው የሚተርፈው 10 ብቻ ስለሆነ ትርፉ 20,000 ነው። ስለዚህ 6,000ው የትርፉ 30 በመቶ ሆነ ማለት ነው! ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመቶው 40 ይተርፋታል፣ ትርፏ 80,000 ነው። ለእሷ ያው 6,000 የትርፏ 7.5 በመቶ ብቻ ነው።

አያችሁት? ቁልፉ ማካፈል ነው፦ 3ን ከመቶው ለሚተርፈው አካፍሉት፤ የተደበቀው የትርፍ ግብር ብቅ ይላል። ትርፉ ሲሳሳ ግብሩ ይከብዳል። የከሰረ ነጋዴም፣ ሸጦ እስከሆነ ድረስ፣ ይከፍላል። ለእኔ የዚህ መላ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው።

የባሰው ደግሞ እዚህ አለ። ያ ቸርቻሪ በስሙ የሚነግድ ግለሰብ ሆኖ በመደበኛው የገቢ ግብር ቢሰላለት፣ በወር ገቢው የመጀመሪያ 24,000 ሽልንግ ላይ 10 በመቶ ይጣልበታል፤ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ግለሰብ ደግሞ ከግብሩ 2,400 ይቀነስለታል። ሌላ ገቢ ከሌለው ለ20,000ው የሚከፍለው ምንም! ልብስ ሰፊዋ ግን በዚያው ስሌት ከ16,000 በላይ ትከፍል ነበር። ሽያጭ መቁጠሩ ለእሷ ጠቀማት፣ እሱን ጎዳው።

መውጫ በር ግን አለ። ሕጉ ነጋዴው ለግብር ባለሥልጣኑ በጽሑፍ አሳውቆ ወደ መደበኛው እንዲዛወር ይፈቅዳል፤ ያኔ የመግዣና የወጪ መዝገብ መያዝ ግድ ይሆንበታል። ናይሮቢ ሱቅ የከፈተ ወዳጅ ካላችሁ፣ ከመቶ ሽልንጉ ስንት እንደሚተርፈው ጠይቁት፤ ጥቂት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር እንዲይዝ ንገሩት።