ሃያ ኪሎ በርበሬና ስምንት አጫጭር ቪዲዮዎች

ከውጭ ቀይና አንጸባራቂ የሆነ የበርበሬ ዛላ ሲሰነጠቅ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ሆኖ ይገኛል። በአጠገቡ ሌላ ዛላ ይሰነጠቃል፤ ይኸኛው ንጹሕ ነው። ይህን ለማሳየት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ቲክቶክ ላይ ባልትና ለሚሸጥ ሰው እነዚህ ሦስት ሰከንዶች ከረጅም የምርት ሙገሳ የበለጠ ይሠራሉ፤ ገዢው የሚፈራውን ነገር በቀጥታ ይነኩታልና።

የተፈጨ በርበሬ ገዢ የሚጠራጠርበት ምክንያት አለው። በርበሬ ላይ የጡብ ዱቄትና ቀይ አፈር ቀላቅለው የሚሸጡ ሰዎች በተደጋጋሚ ተይዘዋል። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ዛላ ደግሞ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በማመስም በቀላሉ አይጠፋም። ዱቄቱ ከታሸገ በኋላ ይህን ሁሉ በዓይን መለየት ያዳግታል። ስለዚህ አጭር ቪዲዮ ለባልትና ሻጭ ትልቁ ጥቅሙ ከመፈጨቱ በፊት ያለውን ሥራ ለገዢው ማሳየት መቻሉ ነው።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ በቤቷ ባልትና የምታዘጋጅ አንዲት ሴት እንውሰድ። በአንድ ዙር 20 ኪሎ የተፈጨ በርበሬ ታወጣለች። በግማሽ ኪሎ ሲታሸግ 40 ከረጢት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 25ቱን የቆዩ ደንበኞቿ ይወስዱታል እንበል። የሚቀራት 15 ከረጢት ነው። ዕቅዷ መነሣት ያለበት ከዚህ ቁጥር ነው፦ በአራት ሳምንት ውስጥ 15 ከረጢት የሚገዙ አዲስ ሰዎች ማግኘት። አንድ ቪዲዮ በድንገት ተሰራጭቶ 300 ሰው ቢያዝዛት ማድረስ አትችልም፤ ጠብቀው ያጡ ሰዎችም ቅሬታቸውን የሚጽፉት እዚያው ቪዲዮው ሥር ነው።

ለዚህ መጠን በሳምንት ሁለት ቪዲዮ፣ በአራት ሳምንት ስምንት ይበቃታል። በየቀኑ ለመልቀቅ የሚነሡ ብዙ ሻጮች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያቆማሉ፤ መፍጨቱም፣ ማሸጉም፣ መልእክት መመለሱም የሚሠራው በአንድ ሰው እጅ ነውና። የእሷ ዕቅድ ተጨማሪ የቀረጻ ቀን አይጠይቅም። ዛላው ሲቀነጠስ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ ሲደለዝ፣ ሲሰጣ፣ ከኮረሪማውና ከአዝሙዱ ጋር ሲታመስ፣ በመጨረሻም ከወፍጮ ሲመለስ ስልኩን በአንድ ቦታ አቁማ ትቀርጻለች። በእያንዳንዱ ምዕራፍ አሥር ደቂቃ ብትቀርጽ ለሁሉም ቪዲዮ የሚሆን በቂ ምስል ታገኛለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞ የተሰነጠቀው ዛላ፣ ዓርብ ድልዙና የሚገቡት ቅመሞች ይለቀቃሉ። በሁለተኛው ሳምንት አሰጣጡ ይቀርባል፤ ቀጥሎም ከተመልካች ለመጣ አንድ ጥያቄ በቪዲዮ መልስ ይሰጣል፣ ለምሳሌ የአንዳንዱ በርበሬ ቀለም ለምን እንደሚጠቁር። ሦስተኛው ሳምንት በርበሬው ከወፍጮ መጥቶ በሚዛን ሲመዘንና ሲታሸግ ያሳያል፤ ዓርብ ደግሞ ቁሌቱ ላይ ሲገባ። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ የደረሰ ትዕዛዝ በደንበኛው ፈቃድ ይታያል። ዓርብ በተሻለ ሁኔታ የሸጠው ቪዲዮ በሌላ አጀማመር ተሠርቶ ይደገማል። በርበሬው እስኪደርስ ድረስ ስም ትመዘግባለች፤ ገንዘብ ግን አትቀበልም።

ዓርብ ማታ የተመረጠው ብዙ ቤት ቅዳሜ አስቤዛ ስለሚሸምት ነው። ይሁንና ቲክቶክ አንድን ቪዲዮ ለቀናት ለአዳዲስ ሰዎች ሊያሳይ ስለሚችል በሰዓቱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ከሰዓቱ ይልቅ በዓልና ጾም ይበልጣሉ። ለፋሲካ ዶሮ የሚሆን በርበሬ የሚታሰበው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ የሽሮ ቪዲዮ ደግሞ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መድረስ አለበት። በዋዜማው የተለቀቀ ቪዲዮ ቢታይም ገዢው ቀድሞ ከሌላ ሸምቷል።

አንዱን ቪዲዮ ዘርዝሮ ማየት ይጠቅማል። 25 ሰከንድ ነው። እስከ ሦስተኛው ሰከንድ ሁለቱ ዛላዎች ይሰነጠቃሉ፤ ጽሑፉ «የሻገተ ዛላ ከውጭ አይታወቅም» ይላል። እስከ 12ኛው ሰከንድ እጆቿ ሲለቅሙ ይታያል። እስከ 20ኛው የተጣለውና የተመረጠው ክምር ጎን ለጎን ይቀመጣል። በቀሩት አምስት ሰከንዶች የግማሽ ኪሎው ዋጋ፣ የምታደርስባቸው ሰፈሮችና የቴሌግራም ስሟ ይወጣል። ጽሑፉ ከመሃል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የስክሪኑን ታችና ቀኝ ጎን የመተግበሪያው ምልክቶች ይሸፍኑታል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው «ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተከታታዮቻችን» ብሎ መጀመር ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ተመልካቹ ወደ ሌላ ያልፋል። ሁለተኛው ዋጋን ደብቆ «በውስጥ መስመር ጠይቁ» ማለት ነው። ዋጋው ስንት እንደሆነ ለመጠየቅ ብቻ የሚጽፉ ሰዎች መልእክቱን ያጨናንቁታል፣ ሊገዛ የመጣው ደግሞ መልስ ሳያገኝ ይሄዳል። ሙዚቃን በተመለከተ የቲክቶክ የንግድ አካውንት ብዙዎቹን ታዋቂ ዘፈኖች እንዲጠቀም አይፈቀድለትም። የሙቀጫው ድምፅ ግን የራሷ ነው፤ ከምስሉም ጋር ይስማማል።

ውጤቱ የሚለካው በደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ሦስት ቁጥር ትጽፋለች፦ ስንት ሰው አየ፣ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንት ከረጢት ተሸጠ። አዲስ ገዢን «የትኛውን ቪዲዮ አይተው ነው?» ብላ ትጠይቃለች። የቁሌቱ ቪዲዮ 40,000 ጊዜ ታይቶ ሁለት ከረጢት ብቻ ሊሸጥ ይችላል፤ የዛላው ለቀማ 1,800 ጊዜ ታይቶ ስድስት ሊሸጥ ይችላል። መተግበሪያው ተመልካቾች ከየት እንደሆኑና በስንተኛው ሰከንድ እንደተዉት ያሳያል። ተመልካቹ በብዛት ዱባይና ዋሽንግተን ከሆነ ቁጥሩ ቢበዛም ሞተረኛ አያደርስላቸውም። ለእነሱ የሚሆነው መልስ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ተረክቦ በሚመጣ ሰው እንዲልክላቸው ማድረግ ነው። ብዙ ሰው በአራተኛው ሰከንድ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ አጀማመሩ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው አይተው ካልጠየቁ ዋጋውን ወይም የማድረሻ ሰፈሩን መመርመር ይገባል።

ቪዲዮው ሲታወቅ ሌላ አደጋ ይመጣል። አጭበርባሪዎች ወስደው በሌላ አካውንት ይለጥፉና ቅድሚያ ክፍያ ይሰበስባሉ። መከላከያው ስሟን ከጥግ ይልቅ በምስሉ መሃል፣ በእጆቿ አጠገብ መጻፍ ነው፤ ጥግ ላይ ያለ ስም በቀላሉ ይቆረጣል። ክፍያ በቴሌብር የሚፈጸመው ዕቃው እጅ ሲገባ ብቻ መሆኑንም በየቪዲዮው መናገር አለባት።

የምትናገረውም ገደብ አለው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ምግብንም መዋቢያንም ለቁጥጥር ያስገዛል። በርበሬዋ ስኳር ያድናል ብትል፣ ወይም የቅባት ሻጭ በሦስት ቀን ማድያት ያጠፋል ቢል፣ ቪዲዮው ራሱ ማስረጃ ይሆንባቸዋል። «ዛላውን አንድ በአንድ ለቅሜዋለሁ» ስትል ግን ተመልካቹ ሥራውን በዓይኑ አይቷል።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ 15ቱ ከረጢት ካለቀ፣ ቀጣዩን ዙር ወደ 25 ኪሎ ማሳደግ ትችላለች፤ ቪዲዮው ግን በሳምንት ሁለት እንደሆነ ይቀጥላል። ሰባት ብቻ ከተሸጠ መጠኑ 20 ኪሎ ላይ ይቆይና ደብተሩ ይገለጣል፤ ያልሸጡት ሁለቱ ቪዲዮዎች ቀርተው በቦታቸው ገዢዎች የጠየቋቸው ሁለት ጥያቄዎች ይቀረጻሉ።