ቀረጥና ኮታ፦ የዋጋው ጭማሪ ለማን ይገባል?

መንግሥት አንድ የውጭ ዕቃ በብዛት እንዳይገባ ሲፈልግ ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው ቀረጥ መጣል ነው፤ አስመጪው ቀረጡን እስከከፈለ ድረስ የፈለገውን ያህል ያስገባል። ሁለተኛው ኮታ ነው፤ በዓመት የሚገባው መጠን አስቀድሞ ይወሰናል፤ የሚያስገባውም ፈቃድ ያገኘ ብቻ ነው። ሁለቱም የአገር ውስጥ ዋጋን ያስወድዳሉ። የሚለያዩት ከዋጋው ጭማሪ የሚገኘው ገንዘብ ማን እጅ እንደሚገባና ገበያው ሲለወጥ ዋጋው እንዴት እንደሚሆን ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ስኳር የምታስገባ አንዲት አገር እንውሰድ። የዓለም ዋጋ በኪሎ 40 ብር ነው እንበል፤ አገሪቱም የምትገዛው ጥቂት ስለሆነ ይህን ዋጋ መለወጥ አትችልም። በዚህ ዋጋ ሕዝቡ በዓመት 100 ሚሊዮን ኪሎ ይገዛል። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች 40 ሚሊዮኑን ያቀርባሉ፤ የቀረው 60 ሚሊዮን ከውጭ ይገባል።

መንግሥት በኪሎ 10 ብር ቀረጥ ቢጥል ዋጋው 50 ብር ይሆናል። በአዲሱ ዋጋ ሸማቾች ፍጆታቸውን ወደ 90 ሚሊዮን ኪሎ ይቀንሳሉ፤ ፋብሪካዎች ምርታቸውን ወደ 50 ሚሊዮን ያሳድጋሉ፤ ከውጭ የሚገባውም 40 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል።

አንድ ሸማች ለመክፈል ፈቃደኛ ከሆነበት ዋጋ ባነሰ ሲገዛ የሚተርፈው ልዩነት የሸማች ትርፍ ይባላል። አምራቹም ለመሸጥ ከሚበቃው ዝቅተኛ ዋጋ በላይ ሲያገኝ ልዩነቱ የአምራች ትርፍ ነው። በምሳሌው ሸማቾች 950 ሚሊዮን ብር ያጣሉ። ከዚህ ውስጥ 450 ሚሊዮኑ ወደ ፋብሪካዎች ይሄዳል፤ 400 ሚሊዮኑ፣ ማለትም በ40 ሚሊዮን ኪሎ ላይ የተከፈለው 10 ብር፣ መንግሥት ካዝና ይገባል። የቀረው 100 ሚሊዮን ብር ማንም እጅ አይገባም። ግማሹ የሚባክነው ከውጭ በ40 ብር የሚገኘውን ስኳር አገር ውስጥ ከዚያ በላይ በሆነ ወጪ በማምረት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሸማቾች በውድነቱ ሳይገዙ በቀሩት ስኳር ምክንያት የሚጠፋ ጥቅም ነው።

መንግሥት በቀረጡ ፋንታ 40 ሚሊዮን ኪሎ ኮታ ቢወስን ዋጋው እዚያው 50 ብር ላይ ይደርሳል፤ የሸማቾች ጉዳትና የፋብሪካዎች ጥቅምም አይለወጥም። የሚለወጠው የ400 ሚሊዮኑ ብር መድረሻ ነው። ፈቃድ ያለው አስመጪ በ40 ብር ገዝቶ በ50 ብር ይሸጣልና ልዩነቱ የእሱ ይሆናል። መንግሥት ፈቃዱን በጨረታ ከሸጠው ገንዘቡ ወደ ካዝናው ሊመለስ ይችላል። ፈቃዱ በነጻ ከታደለ ግን እሱን ለማግኘት ደጅ መጥናትና ጉቦ ይከተላሉ። ኢኮኖሚስቷ አን ክሩገር በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የሕንድንና የቱርክን ሁኔታ አንስታ፣ ለፈቃድ የሚደረገው ሽሚያ ራሱ ሀብት እንደሚያባክን አሳይታለች።

ፈቃዱ በውጭ ሻጮች እጅ ሲሆን ገንዘቡ ጭራሽ ከአገር ይወጣል፤ በምሳሌው የአገሪቱ ኪሳራ ከ100 ወደ 500 ሚሊዮን ብር ያድጋል ማለት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ጃፓን በአሜሪካ ግፊት ወደዚያ የምትልከውን የቤት መኪና በዓመት በ1.68 ሚሊዮን ለመገደብ ስትስማማ የሆነው ይህ ነው። ገደቡን ለኩባንያዎቹ ያከፋፈለው የጃፓን መንግሥት ነበር። መኪናው አሜሪካ ውስጥ ሲወደድ ጭማሪውን ያገኙት የጃፓን አምራቾች ናቸው፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከገደቡ ያገኘው ቀረጥ የለም። ገደቡ በመኪና ቁጥር እንጂ በዋጋ ስላልነበረ ኩባንያዎቹ ተለቅ ያሉና ውድ ሞዴሎችን ወደ መላክ አዘነበሉ።

ሌላው ልዩነት ገበያው ሲንቀሳቀስ ይታያል። በምሳሌው አገር የስኳር ፍላጎት በ10 ሚሊዮን ኪሎ ቢጨምር፣ በቀረጥ ሥርዓት ተጨማሪው ከውጭ ይገባል፤ ዋጋው 50 ብር ላይ ይቆያል፤ የመንግሥት ገቢም ወደ 500 ሚሊዮን ብር ያድጋል። በኮታ ግን ከውጭ የሚገባው ስለማይጨምር ዋጋው ወደ 55 ብር ይወጣል፤ የባለፈቃዶችም ትርፍ 600 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። የዓለም ዋጋ ወደ 35 ብር ቢወርድ ደግሞ፣ በቀረጥ የአገር ውስጥ ዋጋ ወደ 45 ብር ይወርዳል። በኮታ 50 ብር እንዳለ ይቆያል፤ ቅናሹ ለሸማቹ ሳይደርስ በባለፈቃዱ ኪስ ይቀራል።

ኮታ የሚገባውን መጠን በእርግጠኝነት ይወስናል፤ ዋጋውን ግን ለገበያው ይተዋል። ቀረጥ የዋጋውን ልዩነት ይወስናል፤ መጠኑን ለገበያው ይተዋል። ስለዚህ አንድ ኮታ ሲመዘን ከሚገባው መጠን ጋር ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው፦ ፈቃዱ ለማን በምን መንገድ እንደተሰጠ፣ እንዲሁም የአገር ውስጥ ዋጋ ከዓለም ዋጋ በምን ያህል እንደራቀ። ያ ልዩነት በገባው መጠን ሲባዛ ሸማቹ ለባለፈቃዱ የሚከፍለው ገንዘብ ይገኛል።